በአዳራሽ የነበረውንና በስልክ የተከታተለውን በአንድ ሪፖርት እንዴት እንቁጠር?



የዘንድሮውን የሲራ ፕሮግራም የታደማችሁ ታስታውሳላችሁ፤ 800 ወንበር ባለው ትልቁ አዳራሽ ነበር ያካሄድነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ከፊቱ ባዶ የወንበር ረድፎችን እያየ ነው ሙሓደራውን ያዳመጠው። ኡስታዙም ደጋግመው «ወደ ፊት ጠጋ በሉ» ሲሉ ነበር። ያን አዳራሽ የጠየቅነው እኛው ነን። በደብዳቤያችን ላይ «በአምናው ፕሮግራም ከ1,300 በላይ ሰው ታድሟል» ብለን ጽፈን ነበር።

ያ ቁጥር ከየት መጣ? በር ላይ ከተፈረመው ወረቀት፣ ከዩቲዩብ የዕይታ ብዛትና ከዙም ዝርዝር ተደምሮ ነው። ማንም ሊዋሽ አላሰበም፤ ሦስቱንም ቁጥሮች በየቦታቸው ያገኘናቸው ናቸው። ስህተቱ መደመሩ ላይ ነበር። ይህ ስህተት ባዶ ወንበር አሳይቶን ብቻ አልቀረም። ከፕሮግራሙ በኋላ በተደረገው የግምገማ ስብሰባ «የኦንላይኑ ቁጥር ከንቱ ነው፤ ዩቲዩቡ ይበቃል፣ ለዙም የምንከፍለው ይቅር» የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ብዙዎቻችንም ተስማማን። የዙም ነፃ አካውንት ከ40 ደቂቃ በላይ አያስኬድም፤ የእኛ ፕሮግራም ደግሞ ሁለት ሰዓት ነው። ክፍያው ከቀረ ዙሙ ቀረ ማለት ነው። በዙም የሚገቡት ደግሞ ለአፓረንት የወጡ ተማሪዎች፣ ጅዳና ዱባይ ያሉ ተመራቂዎቻችን፣ ልጅ ይዘው ከቤት መውጣት የማይመቻቸው እህቶች ናቸው። ዩቲዩብ ላይ ማየት ይችላሉ፤ እጅ አውጥተው መጠየቅ የሚችሉት ግን በዙም ነው። በዕለቱ ከቀረቡት 11 ጥያቄዎች 5ቱ ከዙም የመጡ ነበሩ።

ስለዚህ ውሳኔው ከመጽደቁ በፊት ሁለት ሳምንት ጠይቀን የዘንድሮውን ቁጥሮች እንደገና ሠራናቸው። እንዴት እንደሠራናቸው እዚህ የምንጽፈው የሌሎች ጀመዓዎች አስተባባሪዎችም ተመሳሳይ ሪፖርት እንደሚጽፉ ስለምናውቅ ነው። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ትንሽ አጠጋግተናቸዋል።

በድሮው መንገድ ብንሄድ የዘንድሮውም ሪፖርት ቀላል ነበር። በር ላይ 212 ሰው ፈርሟል። ዩቲዩብ በሳምንቱ 1,180 ዕይታ ያሳያል። የዙም ዝርዝር 61 መስመር አለው። ድምር 1,453። እንዲያውም ከአምናው «አድገናል» ብለን መጻፍ እንችል ነበር።

ሦስቱን አንድ በአንድ እንያቸው። በር ላይ የተፈረመው 212 የሰው ቁጥር ነው፤ ሆኖም ጎዶሎ ነው። የእህቶች በር ላይ የነበረው ወረቀት በግማሽ ሰዓት አልቆ ነበር፤ ሙሓደራው ከተጀመረ በኋላ የገባ ሰው ደግሞ ለመፈረም አይቆምም። የዩቲዩቡ 1,180 ጭራሽ የሰው ቁጥር አይደለም፤ ቪዲዮው ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ነው የሚናገረው። ኔትወርክ ተቆርጦበት አምስት ጊዜ የገባ ወንድም አምስት ዕይታ ሊሆን ይችላል። ከ1,180ው ውስጥ በቀጥታ ስርጭቱ ሰዓት የተመዘገበው 420 ብቻ ነው፤ ቀሪው በሳምንቱ ውስጥ ቅጂው የተከፈተበት ብዛት ነው። (በፌስቡክ የሚያሰራጩ ጀመዓዎች ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ። ፌስቡክ ለረጅም ጊዜ 3 ሰከንድ የታየን ቪዲዮ አንድ ዕይታ ብሎ ሲቆጥር ኖሯል። ጣቱ ገጹን ወደ ታች እየሳበ በቪዲዮው ላይ ለ3 ሰከንድ ቆም ብሎ ያለፈ ሰው ሁሉ ታዳሚ ሆኖ ይመዘገብ ነበር ማለት ነው።) የዙሙ 61 መስመርም የመግባትና የመውጣት መዝገብ ነው፤ ወጥቶ የተመለሰ ሰው እንደገና ይጻፋል።

እንግዲህ የደመርነው ሰውን፣ የመክፈት ብዛትንና የመግባት ብዛትን ነበር። በጤፍ ኪሎ ላይ የዘይት ሊትር ደምሮ «ይህን ያህል አስቤዛ ገዛን» እንደማለት ነው።

መፍትሔው ለሁሉም የሚሆን አንድ መለኪያ መምረጥ ነው። እኛ የመረጥነው ይህን ጥያቄ ነው፦ ፕሮግራሙ በሚካሄድበት በማንኛውም ደቂቃ በአማካይ ስንት ሰው እየተከታተለ ነበር? ይህ ጥያቄ ለአዳራሹም፣ ለዩቲዩቡም፣ ለዙሙም እኩል ይሠራል። አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ሰው 120 ደቂቃ ሰጠ፤ በስልክ ሁለት ሰዓት የተከታተለም 120 ደቂቃ ሰጠ። አምስት ደቂቃ አይቶ የሄደ፣ በበርም ይሂድ በስልክ፣ አምስት ደቂቃ ነው። የሁሉም ደቂቃ ተደምሮ ለፕሮግራሙ ርዝመት ሲካፈል አማካዩ ይገኛል።

ከአዳራሹ እንጀምር። ፕሮግራማችን ከዐስር ሰላት በኋላ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ነበር። አዳራሽ ውስጥ የእያንዳንዱን ሰው ደቂቃ መያዝ አይቻልም፤ ግን በተወሰኑ ሰዓቶች ሰዉን መቁጠር ያንኑ ያህል ይሠራል። በዚህ ዕድለኞች ነበርን። የሻይና የሳምቡሳ እደላውን የያዘ አንድ ወንድም እንዳያንስበት ፈርቶ በየግማሽ ሰዓቱ ቆጥሮ በማስታወሻው ጽፎ ነበር። በ10፡15 ላይ 140፣ በ10፡45 ላይ 230፣ በ11፡15 ላይ 250፣ በ11፡45 ላይ 180 ሰው። አራቱ ሲደመሩ 800፣ ለአራት ሲካፈሉ 200። የአዳራሹ አማካይ 200 ነው።

የቁጥሮቹን አካሄድ ተመልከቱ። መጀመሪያ ላይ ሰዉ ገና ከሰላት እየመጣ ነው፤ በመጨረሻ ደግሞ ለመግሪብ ውዱእ ለማድረግ እየወጣ ነው። በ11፡15 ላይ ብቻ ብንቆጥር 250 ብለን እንጽፍ ነበር፤ በ10፡15 ላይ ብቻ ብንቆጥር ደግሞ 140። ስለዚህ አንድ ቆጠራ አይበቃም፤ አራት ጊዜ ግን ይበቃል። ሰዓቶቹ እኩል የተራራቁ ይሁኑ፤ አስቀድመውም ይወሰኑ። «አሁን ሞልቷል፣ ቁጠር» ተብሎ የተቆጠረ ቁጥር ምንጊዜም ያጋንናል። የወንድሞችንና የእህቶችን በኩል ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢቆጥሩ ጥሩ ነው። አዳራሹ ከግማሽ በላይ ከሞላ ከሰዉ ይልቅ ባዶውን ወንበር ቆጥሮ ከጠቅላላው መቀነስ ይቀላል። በኮሪደርና በመድረክ ዙሪያ የቆሙትን አስተባባሪዎች አለመቁጠር ይሻላል። እንቅልፍ የወሰደው ወንድማችን ግን ይቆጠራል፤ ስልኩን ከፍቶ ጥሎ የተኛውንም ከዙም ዝርዝር መለየት ስለማንችል ሁለቱን እኩል ማየት ግድ ነው።

ወደ ዙም ስንመጣ ነገሩ ከአዳራሹ ይበልጥ ዝርዝር ነው። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ከዙም ድረ ገጽ የሚወርደው ዝርዝር ለእያንዳንዱ መስመር የገባበትን ሰዓት፣ የወጣበትን ሰዓትና የቆየበትን ደቂቃ ይዟል። ከ61ዱ መስመሮች 6ቱ ሰው ገና ከመግባቱ በፊት በመጠበቂያ ክፍል የቆየባቸው ናቸው፤ አወጣናቸው። 3ቱ ደግሞ የራሳችን መሣሪያዎች ናቸው፦ የመድረኩ ላፕቶፕ፣ የካሜራው ስልክና ጥያቄ የሚያነበው አስተባባሪ። እነሱንም አወጣን። 52 መስመር ቀረ።

እዚህ ላይ ስሞቹ ያስቸግራሉ። አንዳንዱ በስሙ ይገባል፤ አንዳንዱ በኩንያ፤ ሌላው ስም ሳይጽፍ ይገባና ዙም የስልኩን ስም ይጽፍለታል። በእኛ ዝርዝር ውስጥ iPhone የሚል ስም አራት ቦታ ነበር። አንድ ሰው ነው ወይስ አራት? የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱን ማየት ይረዳል። አንዱ በወጣ በደቂቃው ሌላው ከገባ ኔትወርክ ተቆርጦበት የተመለሰ አንድ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ውስጥ ከነበሩ ግን እርግጠኛ ሁለት መሣሪያ ናቸው። እንዲህ እያስተያየን 52ቱ መስመሮች 38 ሰዎች መሆናቸውን ደረስንበት። ጥቂት ልንሳሳት እንችላለን።

ደቂቃን መለኪያ ማድረግ ጥቅሙ እዚህ ላይ ታየን። አራቱ iPhone አንድ ሰው ይሁኑ አራት፣ የደቂቃቸው ድምር ያው ነው። መቆራረጥ የመስመሩን ብዛት ያበዛል እንጂ ደቂቃውን አያበዛም። ስለዚህ የስሞቹን እንቆቅልሽ ሳንፈታም አማካዩን ማግኘት እንችላለን። ዝርዝሩ በኤክሴል ሲከፈት Duration (Minutes) የሚለው ዓምድ የቆይታው ደቂቃ ነው። በእኛ ፋይል አምስተኛው ዓምድ ስለሆነ የጻፍነው ይህን ነበር፦

```
=SUM(E2:E53)/120
```

የ52ቱ መስመሮች ድምር 2,640 ደቂቃ ወጣ፤ ለ120 ሲካፈል 22። በማንኛውም ደቂቃ በአማካይ 22 መሣሪያ በዙም ላይ ነበር ማለት ነው። ከመደመራችን በፊት አንድ ነገር ማስተካከል ነበረብን። ዙሙን ለሙከራ ከ9፡30 ጀምረን ከፍተነው ስለነበር ቀድመው የገቡ ሰዎች ከ10 ሰዓት በፊት የቆዩበትን ደቂቃ ቀንሰናል። ሰዓቱን ስታዩ ደግሞ ዙም የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ፤ የእኛ 10 ሰዓት በዝርዝሩ ላይ 4:00 PM ነው። አካውንቱ የሌላ አገር ሰዓት ተሞልቶለት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሌሊት ሆኖ ይታያል።

ዩቲዩብ የሰዎቹን ማንነት አይሰጥም፤ አያስፈልገንምም። በቻናሉ ስቱዲዮ ውስጥ በቀጥታ ስርጭቱ ሰዓት በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እያየ እንደነበር የሚያሳይ ግራፍ አለ። አዳራሹ በተቆጠረባቸው በእነዚያው አራት ሰዓቶች ግራፉን አነበብን፦ 40፣ 70፣ 66፣ 44። አማካዩ 55 ነው። ይህን በሌላ መንገድ አረጋገጥነው። ስቱዲዮው በቀጥታ የታየበትን ጠቅላላ ሰዓት 112 ብሎ ይሰጣል፤ በደቂቃ 6,720 ነው፤ ለ120 ሲካፈል 56። ሁለቱ መንገዶች ከተቀራረቡ ሥራችን ልክ ነው። ቢራራቁ ኖሮ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ከቅጂው የታየው ሰዓት አብሮ መደመሩን ነበር። በሪፖርቱ 56ን ወሰድን።

አሁን መደመር ይቻላል፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ሆነዋል። 200 ከአዳራሽ፣ 56 ከዩቲዩብ፣ 22 ከዙም፤ ጠቅላላ 278። ከ1,453 አጠገብ ሲቀመጥ ያንሳል። ግን ድርሻቸውን እዩት። በድሮው ድምር አዳራሹ ከመቶ 15 ያህል ብቻ ነበር፤ ይህን ያነበበ ሰው «ታዲያ አዳራሽ ለምን አስፈለገ?» ቢል አይፈረድበትም። በአዲሱ አዳራሹ ከመቶ 72 ያህል፣ ኦንላይኑ 28 ያህል ነው። ከአራት ታዳሚ ከአንድ በላይ በርቀት ነበር ማለት ነው። በግምገማው ስብሰባ ላይ «ከንቱ ነው» የተባለው ይህ 28 ነበር። ቁጥሩን ስናጋንን የጠቀምናቸው መስሎን የኦንላይን ተከታታዮችን ነው የማይታመኑ ያደረግናቸው።

የማይስተካከሉ ሁለት ጉዳዮች አሉ። በሪፖርቱም እንዳሉ ጽፈናቸዋል።

አንደኛው ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ሰው ነው። የእህቶች ክፍል ከኋላ ስለነበር ስክሪኑ በደንብ የማይታያቸው እህቶች እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሆነው ዩቲዩቡን በስልካቸው ከፍተው ነበር። ስርጭቱ በሰከንዶች ስለሚዘገይ የኡስታዙ ድምፅ ከስልኮቹ እየተደገመ ይሰማ ስለነበር ነው ያወቅነው። አንዲት አስተባባሪ ዞራ ስታይ 12 ስልክ ቆጠረች። እነዚህ በ200ውም በ56ቱም ውስጥ አሉ።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ አንድ መሣሪያ ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም። በሁለት ዶርሞች ውስጥ እህቶች ተሰብስበው በአንድ በአንድ ላፕቶፕ ተከታትለዋል፤ በአንዱ 14፣ በሌላው 9 ሆነው። በቁጥራችን ውስጥ እነዚህ 23 እህቶች እንደ 2 ብቻ ነው የገቡት። አንዳንዶቻችን «እንግዲያውስ እያንዳንዱን የኦንላይን ቁጥር በሁለት እናባዛው» ብለን ነበር። አልተቀበልነውም። የሁለቱን ዶርም ሰው ብዛት የምናውቀው የዶርሞቹ ተጠሪዎች ቆጥረው ስለነገሩን ነው፤ ስለ ሌሎቹ መሣሪያዎች ማንም የነገረን የለም። ያወቅነውን እንደታወቀ ለብቻው እንጽፋለን፤ ያላወቅነውን አናባዛም። ለሚቀጥለው ፕሮግራም ግን በዙም ሲገቡ «ስንት ሆናችሁ እየተከታተላችሁ ነው?» የሚል አንድ አጭር ጥያቄ ለማቅረብ ወስነናል።

በመጨረሻ ሪፖርቱ ላይ የሰፈረው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«ፕሮግራሙ 120 ደቂቃ ፈጅቷል። በአማካይ በማንኛውም ደቂቃ 278 ሰው ወይም መሣሪያ ይከታተል ነበር፤ ከነዚህ 200 በአዳራሽ፣ 56 በዩቲዩብ፣ 22 በዙም። አዳራሹ በሞላበት ሰዓት 250 ሰው ነበር። አዳራሽ ውስጥ ሆነው በስልክም የተከታተሉ 12 ሰዎች በሁለቱም በኩል ተቆጥረዋል። በሁለት ዶርሞች በአንድ በአንድ መሣሪያ በጋራ የተከታተሉ 23 እህቶች እንደ 2 ተቆጥረዋል። በዙም የተሳተፉት 38 ሰዎች እንደሆኑ ገምተናል፤ ከ11 ጥያቄዎች 5ቱ ከእነሱ መጥተዋል። ቅጂው ከቀጥታ ስርጭቱ በኋላ እስከ ሰባተኛው ቀን 760 ጊዜ ተከፍቷል፤ ይህ ከላይ ባለው ቁጥር ውስጥ አልገባም።»

የቅጂውን ዕይታ ለብቻው ያስቀመጥነው ዋጋ ስለሌለው አይደለም። ቅጂው ነገም ከነገ ወዲያም እየታየ ስለሚሄድ ቁጥሩ አያልቅም፤ ቀን ሳይጻፍለት ከቀረ የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው ቪዲዮ የሳምንት ዕድሜ ካለው ጋር ይወዳደራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሰባተኛው ቀን ላይ እንዲነበብ ተስማምተናል።

አንባቢዎቻችን «ታዲያ አዳራሽ ስንጠይቅ 200 ብለን እንጻፍ?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ለወንበር የሚያስፈልገው ቁጥር አዳራሹ የሞላበት ሰዓት ቁጥር ነው፤ የእኛ 250 ነበርና ለሚቀጥለው ዓመት 300 ወንበር ያለውን አዳራሽ ጠይቀናል። የእህቶች ክፍል ከጎን እንጂ ከኋላ እንዳይሆንም አብረን ጽፈናል። ለሳምቡሳ ደግሞ አማካዩም ከፍተኛውም አይበቃም፤ በልቶ የሚሄድና ዘግይቶ የሚመጣ ስላለ በበር የገባው ሰው ሁሉ መቆጠር አለበት፤ የዘንድሮው የፊርማ ወረቀት ጎዶሎ ስለነበር እሱን የያዘው ወንድም ያዘዘው በግምት ነው፤ አላነሰበትምም።

የዙሙ ክፍያ በድጋሚ ቀርቦ ለአንድ ዓመት ታድሷል። የአምናውንም ሪፖርት ለማረም ፋይሉን ከፍተን ነበር። የዙም ዝርዝሩ ስለተገኘ አማካዩን አወጣን፤ የዩቲዩቡንም ከስቱዲዮ አገኘን። አዳራሹን ግን በዚያ ቀን ማንም በየሰዓቱ አልቆጠረውም፤ ስለዚህ 1,300 የሚለውን ሰርዘን በአዳራሹ መስመር ላይ «አልተቆጠረም» ብለን ጽፈን ለተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ አስገብተናል።